ፔኒሲሊን በ10ኛው ቀን ሽፍታ ቢያመጣ ታይፕ ስንት ነው? አራቱን ሃይፐርሴንሲቲቪቲ የምታጠኑ ኑ

የጦሳ_ልጅ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ የምማር የጤና መኮንን ተማሪ ነኝ። የመውጫ ፈተና ደርሶብኛል።

አራቱን ዓይነቶች በሠንጠረዥ ጽፌ ግድግዳ ላይ ለጥፌአቸዋለሁ። ታይፕ ዋን አይጂኢ፣ ታይፕ ቱ ሴል ላይ የሚለጠፍ አንቲቦዲ፣ ታይፕ ስሪ ኢሚውን ኮምፕሌክስ፣ ታይፕ ፎር ቲ ሴል። በቃል ስጠየቅ አልሳሳትም። በታካሚ ታሪክ ሲመጣ ግን ይጠፋብኛል።

ዛሬ ከጓደኞቼ ጋር ስንጠያየቅ የሳትኩት ይኸውላችሁ። የ30 ዓመት ሴት ናት። ለሳንባ ምች ፔኒሲሊን ተጀመረላት። ከዚህ በፊት ወስዳው አታውቅም። በ10ኛው ቀን ትኩሳት መጣ። ጉልበቷንና የእጅ አንጓዋን ያማታል። መላ ሰውነቷ ላይ የሚያሳክክ አርቲካሪያ ወጥቷል። ብብቷ ሥር ንፍፊት አለ። የደም ግፊቷም ትንፋሿም ደህና ነው።

እኔ ታይፕ ዋን አልኩ። ፔኒሲሊንና አርቲካሪያ አንድ ላይ ሳይ ሌላ ነገር አልታየኝም። መልሱ ታይፕ ስሪ ነው አሉኝ። ለምን እንደሆነ የነገረኝ ግን የለም።

ሌላም ግራ የሚያጋባኝ ነገር አለ። ፔኒሲሊን ከመወጋቱ በፊት ቆዳ ላይ ሲሞከር 15 ደቂቃ ተጠብቆ ይነበባል። የቲቢው የቆዳ ምርመራ ግን ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። ሁለቱም ክንድ ላይ፣ ሁለቱም ቆዳ ውስጥ የሚወጉ ናቸው። ልዩነቱ ከምን መጣ?

---

ሲስተር_ኮምቦልቻ · ማክሰኞ ከምሽቱ 2፡40

አብሽር ወንድሜ፣ እኔም በዚህ አልፌአለሁ። እኔ የያዝኩበትን ዘዴ ልንገርህ። ቁጥሩ ሲጨምር ጊዜውም ይጨምራል። ዋን በደቂቃ፣ ቱ በሰዓት፣ ስሪ በቀን፣ ፎር ከሁሉም ዘግይቶ። በዚህ ቆጥሬ ነው ፈተናዬን ያለፍኩት።

እንደውም 10ኛው ቀን ከሆነ እኔ ታይፕ ፎር ነበር የምለው። ዘግይቶ የሚመጣው እሱ አይደል? መልሱን እንደገና እዩት።

---

የቦርከና_ሐኪም · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡25

ሲስተር፣ ዋን ከሁሉም ፈጣን ነው ያልሽው ልክ ነው። ቁጥሩ ሲጨምር ጊዜውም ይጨምራል የሚለው ግን ብዙ ተማሪ ጥሏል። ልጃችንንም ዛሬ የሚጥለው እሱ ነው።

መጠየቅ ያለበት ሰዓቱ ከየት ተነሥቶ እንደሚቆጠር ነው። ታይፕ ዋን በደቂቃ የሚመጣው ሥራው ቀድሞ ስላለቀ ነው። ሰውየው መድኃኒቱን ከዚህ በፊት አግኝቶታል። ያኔ ምንም አልሆነም፤ ግን አይጂኢ ተሠርቶ ማስት ሴሎቹ ላይ ተሰክቶ ቀረ። ጠመንጃው ጎርሶ ነው የሚጠብቀው። መድኃኒቱ ዳግመኛ ሲገባ ሂስታሚን ወዲያው ይለቀቃል። አርቲካሪያው፣ የጉሮሮ እብጠቱ፣ የግፊት መውረዱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃዎች፣ ቢቆይ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ነው።

የዚህች ሴት ሰዓት ከሌላ ቦታ ይነሣል። ፔኒሲሊን ወስዳ አታውቅም። ስለዚህ አንቲቦዲው ገና መሠራት አለበት። እሱ ደግሞ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጃል። እሷ በዚህ ሁሉ ጊዜ መድኃኒቱን እየወሰደች ነው። አንቲቦዲው ተሠርቶ ሲወጣ መድኃኒቱን ደም ውስጥ ያገኘዋል። ተጣብቀው ጥቃቅን ኮምፕሌክስ ይሆናሉ። እነዚያም በመገጣጠሚያ፣ በቆዳና በኩላሊት ትንንሽ የደም ሥሮች ላይ ይቀመጣሉ። ትኩሳት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሽፍታና ንፍፊት አንድ ላይ፣ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ። ይህ የሴረም ሲክነስ መልክ ነው።

አርቲካሪያው ለምን አታለለህ? ኮምፕሌክሱ ኮምፕልመንት የሚባሉትን የደም ፕሮቲኖች ይቀሰቅሳል። ኮምፕልመንት ሲሰባበር የሚወጡት ሲ ስሪ ኤ እና ሲ ፋይቭ ኤ ማስት ሴልን ይጎነትላሉ። ሂስታሚን በዚህም በኩል ይወጣል። በር አንድ ነው፣ የሚያንኳኳው ግን ይለያያል። ስለዚህ አርቲካሪያ ስታይ ወዲያው ዋን አትበል። መጀመሪያ ቀኑን እይ። ከዚያ መገጣጠሚያ ጠይቅ።

አሁን ወደ ፎር። ሰውነቱ ቲቢን የሚያውቅ ሰው ክንድ ላይ የቲቢው ፕሮቲን ሲወጋ አንቲቦዲ አይጠበቅም። የሚጠበቁት የሚያስታውሱት ቲ ሴሎች ናቸው። እነሱ ከያሉበት ተነሥተው ይመጣሉ፣ ማክሮፌጆችን ይጠራሉ፣ ቦታውን ይሞላሉ። ይህ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ይወስዳል። አየሽ ሲስተር፣ ፎር በሦስተኛው ቀን ደርሶ ስሪ በ10ኛው ሊመጣ ይችላል። የእኛዋ ሴት ከዓመታት በኋላ ያንኑ መድኃኒት ብትወስድ ደግሞ ስሪው ራሱ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ውስጥ ሊመጣ ይችላል። በሽታው ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ሌላ ነው።

---

የጦሳ_ልጅ · ማክሰኞ ከምሽቱ 3፡50

ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሁለቱ ምርመራ ልዩነትም አሁን ገባኝ። በ15 ደቂቃ የሚነበበው አይጂኢ አለ ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። በሁለት ቀን የሚነበበው ቲ ሴል ያስታውሳል ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው።

እንግዲያው የ15 ደቂቃው ምርመራ ምንም ባያሳይ፣ ያቺ ሴት በ10ኛው ቀን የሆነችውን አይከለክልም ማለት ነው?

---

የቦርከና_ሐኪም · ማክሰኞ ከምሽቱ 4፡05

አይከለክልም። የሚጠይቀው ስለ ታይፕ ዋን ብቻ ነው። ስለ ሌሎቹ ሦስት አንድም ቃል አይነግርህም። ለዋንም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ለዚህ ነው መርፌው ከተወጋ በኋላም ታካሚው እንዲቆይ የምናደርገው፤ አድሬናሊኑም እጃችን ላይ የሚሆነው።

በፈተና አውጪዎች የሚወደድ ሌላም ወጥመድ አለ። ኤችአይቪ ከፍቶበት ቲ ሴሉ የተመናመነ ሰው ቲቢ እያለበት የቆዳ ምርመራው ባዶ ሊሆን ይችላል። ለምን ቢሉህ፣ ታይፕ ፎር የሚቆመው በቲ ሴል ስለሆነ ነው። ሲነበብም ቅላቱ አይለካም። በጣት ሲዳሰስ የሚጠጥረው እብጠት ነው የሚለካው።

---

ሰዓዳ_ባቲ · ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡30

ስለ ቆዳ አለርጂ የምታወሩ መስሎኝ ገባሁ። ፈተና የለብኝም፣ ግን እባካችሁ እርዱኝ።

ለእህቴ ሰርግ እጄን ሂና አስቀባሁ። ቶሎ እንዲጠቁር ብላ የቀባችኝ ልጅ የፀጉር ቀለም ደባለቀችበት። ሐሙስ ተቀባሁ፣ ዓርብ ምንም አልነበረም። ቅዳሜ ማታ ማሳከክ ጀመረኝ። እሁድ ጠዋት እጄ ላይ ውኃ ቋጠረ። የሚገርመው ልክ በአበባው ሥዕል ላይ ነው። ከሥዕሉ ውጭ ያለው ቆዳ ምንም አልሆነም። አምና በዒድ እንደዚሁ ጥቁሩን ተቀብቼ ወላሂ ምንም አልሆንኩም ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ ቀዩን ሂና እቀባለሁ። እንሶስላም ሞቄአለሁ። ታዲያ ዘንድሮ ምን መጣብኝ?

---

ሲስተር_ኮምቦልቻ · ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡15

ሰዓዳ እህቴ፣ አይዞሽ። የሚያሳክክ ነገር አለርጂ ነው። አለርጂ ደግሞ ሂስታሚን ነው፣ ታይፕ ዋን ማለት ነው። ሴትሪዚን ግዢና ዋጪ፣ ይተውሻል።

---

የጦሳ_ልጅ · ረቡዕ ከጠዋቱ 2፡40

ሲስተር ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ትናንት ዶክተር ያሉትን ልሞክርበት። ሐሙስ ነካት፣ ቅዳሜ ማታ ጀመራት። 48 ሰዓት አለፈ። ሽፍታው የነካትን ቦታ ብቻ ተከትሎ ወጣ። እብጥ ብሎ በሰዓታት የሚጠፋ ሳይሆን ውኃ የቋጠረ ነው። ታይፕ ፎር አይሆንም?

---

የቦርከና_ሐኪም · ረቡዕ ከቀኑ 7፡20

ጎበዝ። ይህ ታይፕ ፎር ነው። ሥዕሉ ራሱ መስክሯል።

ሰዓዳ እህቴ፣ ጥፋቱ የቀዩ ሂና አይደለም። ንጹሁ ሂና እንዲህ የሚያደርገው ከስንት አንዴ ነው። ጥቁር የሚያደርገው የፀጉር ቀለም ውስጥ ያለ ፓራ-ፌኒሊን-ዳያሚን የሚባል ኬሚካል ነው። አምና ሲነካሽ ሰውነትሽ ዝም ብሎ ተማረው። ዘንድሮ አስታወሰው። አምና ምንም አልሆንኩም ያልሽው ነገር በሽታውን የሚያስተባብል ሳይሆን ታሪኩን የሚያሟላ ነው።

ማሳከኩን ሴትሪዚን ትንሽ ሊያበርደው ይችላል፤ ዋናውን እሳት ግን አያጠፋም። የሚነዳው ቲ ሴል ስለሆነ የሚያስፈልገው የሚቀባ ስቴሮይድ ነው። ጥንካሬውንና ቀኑን እጅሽን አይቶ የሚወስን ሰው ያስፈልጋል። ዛሬ ወደ ጤና ጣቢያ ሂጂ። ውኃውን አታፍርጪው። ፊትሽ ወይም ዓይንሽ ካበጠ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ከመጣ ነገ አትበይ። ከዚህ በኋላ ጥቁር የፀጉር ቀለም ፀጉርሽንም አይንካሽ። ቲ ሴሉ የእጅና የራስ ቆዳ አይለይም።

ሲስተር፣ ማሳከክ የዋን ብቻ አይደለም። ትናንት አርቲካሪያ ልጁን እንዳሳተው ዛሬ ማሳከክ አንቺን አሳተሽ።

---

ሲስተር_ኮምቦልቻ · ረቡዕ ከቀኑ 8፡00

ተቀብያለሁ ዶክተር። ሰዓዳ፣ ይቅር በይኝ፣ የእሳቸውን ስሚ።

አንድ ነገር ግን ትዝ አለኝ። ያ ኬሚካል በእንግሊዝኛ ሲያጥር ፒፒዲ አይደል? የቲቢው የቆዳ ምርመራም ፒፒዲ ነው። ሁለቱም ታይፕ ፎር፣ ሁለቱም በሁለተኛ ሦስተኛ ቀን። ተማሪ ይያዘው።

---

የጦሳ_ልጅ · ረቡዕ ከቀኑ 8፡10

ይሄንን አልረሳውም ሲስተር! ግድግዳዬ ላይ ሂናና መርፌ ጎን ለጎን ሥዬ ለጠፍኩ።

አሁን የቀረኝ ቱ እና ስሪ ነው። ሁለቱም ላይ ያለው አይጂጂ ነው። ሁለቱም ኮምፕልመንት ይጠቀማሉ። በምን ልለያቸው?

---

ላብ_ወልድያ · ረቡዕ ከምሽቱ 1፡15

ይህ የእኔ ቤት ነው፣ ላቦራቶሪ ነው የምሠራው። አንቲጅኑ የት ነው ብለህ ጠይቅ። ሴል ላይ ተለጥፎ ከሆነ ቱ። ደም ውስጥ እየዋኘ ከሆነ ስሪ።

ያው ፔኒሲሊን ይኸው። በደም ሥር በብዛት ለቀናት ሲሰጥ አንዳንድ ሰው ላይ ቀይ የደም ሴል ላይ ይለጠፋል። አይጂጂ መድኃኒቱን ብሎ ሲመጣ ሴሉን ጨምሮ ይይዘዋል። ጣፊያ ያን ሴል ትበላዋለች። ታካሚው ይገረጣል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል። መገጣጠሚያ አያመውም። እኔ ዘንድ ሲመጣ ዳይሬክት ኩምስ እሠራለሁ። ቀይ ሴሎቹ ላይ አንቲቦዲ ስላለ ሴሎቹ ይያያዛሉ።

ደስ የሚለኝ ነገር አለ። አራቱን ዓይነቶች በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጌል እና ኩምስ ናቸው። ኩምስ ምርመራውን በ1945 ያስተዋወቀው ያው ሰው ነው። ስለዚህ ኩምስ የሚል ቃል ጥያቄ ውስጥ ሳይ ቱን አስባለሁ። የተሳሳተ ደም የተሰጠው ሰውም፣ አርኤች ኔጋቲቭ እናት የወለደችው ቢጫ ሕፃንም እዚያው ናቸው።

ስሪን ደግሞ በክረምት ቦርከና ሲሞላ አስበው። ደለሉ የሚቀረው ውኃው በሚጠብበት ቱቦ አፍ ላይ ነው። ቱቦው አላጠፋም፣ የተጣላውም ሰው የለም። ደለሉ ስለተጠራቀመበት ብቻ ይደፈናል። የኩላሊት ማጣሪያም እንዲሁ ነው።

---

የቦርከና_ሐኪም · ረቡዕ ከምሽቱ 2፡30

በጣም ጥሩ አድርገህ አስቀመጥከው። እኔ ሁለት ልጆች ልጨምርበት። ሁለቱንም ያጠቃቸው ስትሬፕቶኮከስ ነው።

አንደኛው የ8 ዓመት ልጅ ነው። እግሩ ላይ ቁስል ነበረበት፣ ደረቀ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጠዋት ፊቱ አብጦ ተነሣ። ሽንቱ አፍልተህ ያጠለልከው ቡና ይመስላል። ግፊቱ ከፍ ብሏል። ሲ ስሪ ቢለካ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ ኮምፕሌክሱ ኮምፕልመንቱን ስለፈጀው ነው። ይህ ደለሉ ነው፣ ታይፕ ስሪ።

ሁለተኛዋ የ11 ዓመት ልጅ ናት። የጉሮሮ ሕመም ነበራት፣ አለፈ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ጉልበቷ አበጠ፣ እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷን ያዛት። ልቧ ላይ አዲስ ድምፅ ይሰማል። እዚህ አንቲቦዲው ለባክቴሪያው ተሠርቶ ነበር። የልቧ ሕብረ ሕዋስ ባክቴሪያውን ስለሚመስለው ወደ እሱ ዞረ። ቲ ሴልም እጁ አለበት፤ ፈተና ግን ቱ ብሎ ነው የሚጠብቅህ። በየአራት ሳምንቱ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ሊወጉ ወረፋ የሚይዙት ልጆች የእሷ ዓይነቶቹ ናቸው።

ልብ በል፣ መገጣጠሚያ ያመማት ይህች የቱ ልጅ ናት፤ ከላይ ያለችው የፔኒሲሊኗ ሴት ደግሞ የስሪ ናት። መገጣጠሚያ ብቻውን አይፈርድም።

---

ላስታ_ማር · ረቡዕ ከምሽቱ 3፡00

እኔ ንብ አናቢ ነኝ። ስለ ታይፕ ዋን ስታወሩ ስለ ንብ ይነሣል ብዬ ጠበቅሁ፣ ዝም አላችሁ።

ንብ ስትነድፈኝ እጄ እስከ ክርኔ ያብጣል። ሁለት ቀን ቆይቶ ይወርዳል። የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ባለፈው ዓመት አንዲት ንብ ነድፋው ወዲያው ሰውነቱ በሙሉ ሽፍ አለ፣ ድምፁ ተዘጋ፣ ወደቀ። በሰው ትከሻ ሐኪም ቤት ደርሶ ጭኑን ወግተውት ተረፈ። የእኔም እንደሱ ይሆናል? ሥራዬን ልተው?

---

የቦርከና_ሐኪም · ረቡዕ ከምሽቱ 3፡40

ጋሼ፣ በጣም ተገቢ ጥያቄ ነው። የልጁ ታይፕ ዋን ነው፣ ያውም አናፊላክሲስ። ከተነደፈበት ቦታ ርቆ ሽፍታ ወጣ፣ ትንፋሹ ተያዘ፣ ግፊቱ ወደቀ። ጭኑ ላይ የተወጋው አድሬናሊን ነው። ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም በጭን ጡንቻ በኩል ነው የሚሰጠው። የአለርጂ ኪኒን አይተካውም። ያ ልጅ ቀፎ አጠገብ ባይደርስ ይሻላል።

የእርስዎ ከተነደፉበት ቦታ ተያይዞ የሚሄድ ትልቅ እብጠት ነው። እንዲህ ያለው ሰው አብዛኛው በሚቀጥለው ጊዜም ያው እጁ ያብጣል እንጂ አይወድቅም። ግን አንድ ቀን ከእጅዎ ርቆ ሽፍታ ካዩ፣ ድምፅዎ ከሻከረ ወይም ዓይንዎ ከጨለመ ያኔ ታሪኩ ተለወጠ። ወዲያው ወደ ሐኪም ይሂዱ።

ለተማሪው፦ መንጋው ወርዶ ብዙ ቦታ የነደፈው ሰው ቢወድቅ መርዙ ራሱ ሊሆን ይችላል። ያ አለርጂ አይደለም፣ መጀመሪያ የተነደፈ ሰውንም ይጥላል።

---

ላስታ_ማር · ረቡዕ ከምሽቱ 3፡55

ዕድሜ ይስጥልኝ። ለልጁ አባት ነገ እነግረዋለሁ።

---

የጦሳ_ልጅ · ረቡዕ ከምሽቱ 4፡20

የመጨረሻ ሁለት ጥያቄ አለኝ። አንደኛ፣ ግሬቭስ የሚባለው የታይሮይድ በሽታ ላይ አንቲቦዲው ሴሉን አይገድለውም፣ እንደውም ያሠራዋል። አንዱ ማስታወሻ ቱ ይላል፣ ሌላው ፋይቭ ይላል። ሁለተኛ፣ የሻገተ ድርቆሽ ሲያገላብጥ የዋለ ገበሬ ከስድስት ሰዓት በኋላ ሳልና ትኩሳት ያዘው። ይህስ?

---

ላብ_ወልድያ · ረቡዕ ከምሽቱ 4፡35

ግሬቭስ አንቲቦዲው ሴሉ ላይ ካለ ተቀባይ ጋር ነው የተያያዘው። ስለዚህ ቱ ነው። ገበሬው ደግሞ ስሪ። ደሙ ውስጥ ለሻጋታው የተሠራ አይጂጂ ይገኛል፣ ሰዓቱም ይስማማል።

---

የቦርከና_ሐኪም · ረቡዕ ከምሽቱ 4፡50

በግሬቭስ እስማማለሁ። ምርጫው ውስጥ ፋይቭ ካለ ግን ቆም በል፤ ፋይቭን ለብቻው የሚለይ መምህር ያወጣው ጥያቄ ነው።

በገበሬው ላይ ከላብ_ወልድያ ጋር ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ሳንባው ተቆርጦ ሲታይ ግራኑሎማ ይገኛል። እሱ የቲ ሴልና የማክሮፌጅ ሥራ ነው፣ ፎር። አንቲቦዲው ደግሞ ምንም ያልታመሙ ገበሬዎች ላይም ይገኛል።

---

ላብ_ወልድያ · ረቡዕ ከምሽቱ 5፡05

ዶክተር፣ ታዲያ የስድስት ሰዓቱን በምን ያስረዱታል? ፎር በስድስት ሰዓት አይደርስም። እርስዎ ራስዎ ሰዓቱን ቁጠሩ ብለዋል።

---

የቦርከና_ሐኪም · ረቡዕ ከምሽቱ 5፡15

ያዝከኝ። ለዚህ ነው ሁለቱም አሉበት የሚባለው። የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ወደ ስሪ ያደላሉ፣ ወራት የቆየው ወደ ፎር። ተማሪው ጥያቄው ስለ የትኛው ጊዜ እንደሚያወራ ማየት አለበት። ከዚያ በላይ እኔም ቆርጬ አልናገርም።

---

ሰዓዳ_ባቲ · ሐሙስ ከቀኑ 9፡40

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የሚቀባ ቅባት ሰጡኝ። ማሳከኩ ቀንሷል፣ አልሐምዱሊላህ። የቀባችኝንም ልጅ አገኘኋት። እሷም የሁለት እጇ ጣቶች በየጊዜው እየተላጡ እንደሚያስቸግሯት ነገረችኝ። ሳሙና ነው ብላ ነበር። እሷንም ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ።